ሰው ሳይሆን ረድፍ ሲቆጠር

«አማካይ ደመወዝ ይህን ያህል ደረሰ» በተባለ ቁጥር ደመወዝተኛው «ታዲያ የእኔን ማን ወሰደው?» ማለቱ አይቀርም። ብዙዎች ቁጥሩ የፈጠራ ነው ብለው ያልፉታል። እኔም ለመንግሥት አሃዝ ቸኩዬ የማጨበጭብ ሰው አይደለሁም፤ ግን ከመጠርጠር በፊት ሠንጠረዡ እንዴት እንደተነበበ ማየት ይገባል።

በተማሪዎች የመልመጃ ወረቀት ላይ የሚወጣ ዓይነት የድግግሞሽ ሠንጠረዥ እንውሰድ። አንድ ድርጅት 20 ሠራተኞች አሉት እንበል። 9ኙ በወር 6 ሺህ ብር፣ 5ቱ 8 ሺህ፣ 3ቱ 10 ሺህ፣ 2ቱ 15 ሺህ ያገኛሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን 40 ሺህ።

የተለመደው ስህተት አምስቱን የደመወዝ እርከኖች ደምሮ ለ5 ማካፈል ነው። 15 ሺህ 800 ይመጣል፤ ከሥራ አስኪያጁ በቀር ማንም የማይደርስበት ደመወዝ። እንዲህ ያሰላ ሰው ሥራ አስኪያጁንና 9ኙን ሠራተኞች እኩል አንድ አንድ ድምፅ ሰጥቷቸዋል። እያንዳንዱ ደመወዝ መጀመሪያ በተቀባዮቹ ቁጥር መባዛት አለበት። ድምሩ 194 ሺህ ነው፤ ለ20 ሲካፈል አማካዩ 9 ሺህ 700 ይሆናል።

ሚዲያኑም የመካከለኛው ረድፍ 10 ሺህ አይደለም። ከላይ ጀምረን ሰዎቹን እንቁጠር፦ የመጀመሪያው ረድፍ 9፣ ከሁለተኛው ጋር 14። 10ኛውና 11ኛው ሠራተኛ ሁለቱም ሁለተኛው ረድፍ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ሚዲያኑ 8 ሺህ ነው። ሞዱ ደግሞ 6 ሺህ። ሠንጠረዡ በባር ግራፍ ሲሳል ብዙዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ የረጅሙን ባር ከፍታ አይተው «9» ብለው ይጽፋሉ። ከፍታው የሰው ብዛት ነው፤ መልሱ ከባሩ ግርጌ የተጻፈው ደመወዝ ነው።

አሁን ሥራ አስኪያጁ 80 ሺህ ይከፈለው። አማካዩ ወደ 11 ሺህ 700 ይዘላል፤ ሚዲያኑና ሞዱ ግን ንቅንቅ አይሉም። ከ20ው 17ቱ ከአማካዩ በታች ቀሩ፤ የአንዳቸውም ደመወዝ አልጨመረም። «የእኔን ማን ወሰደው?» ባዩ አልተሳሳተም።

የእኔ ጥርጣሬ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሪፖርቶች ደመወዝን «ከዚህ እስከዚህ» በሚሉ ምድቦች ከፍለው ሲያትሙ የመጨረሻው ረድፍ ብዙ ጊዜ «15 ሺህና ከዚያ በላይ» ይላል። አማካይ ለማስላት የእያንዳንዱ ምድብ መካከለኛ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ጣሪያ የሌለው ረድፍ ግን መካከለኛ ነጥብ የለውም። ሠንጠረዡን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው እዚያ ላይ የገመተውን ያስገባል፤ የገመተውን ሲጽፍልን እምብዛም አላየሁም። ሚዲያኑ የመጨረሻው ረድፍ ውስጥ እስካልወደቀ ድረስ ይህን ግምት አይፈልግም። የደመወዝ ድርድር ላይ የሚጠቀሰው ግን አማካዩ ነው፤ ጭማሪ የሚጠይቀው ሠራተኛም «ከአማካዩ ብዙም አትርቅም» ተብሎ ይመለሳል።