የአክሱምን ሐውልት ሳይነኩ መለካት

አክሱም ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመው የንጉሥ ኢዛና ሐውልት ወደ 21 ሜትር ይረዝማል። ይህን ለማረጋገጥ ጫፉ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ከሐውልቱ ራቅ ብሎ መቆም፣ የቆሙበትን ርቀት መለካት፣ ጫፉን ለማየት ዓይን ከአግድም ስንት ዲግሪ ወደ ላይ እንደሚያቀና ማወቅ ይበቃል። የቀረውን ታንጀንት ይሠራዋል።

እንዴት እንደሚሠራው ለማየት በቆምንበት ቦታ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ እናስፍረው። ከዓይናችን ተነስቶ በአግድም እስከ ሐውልቱ የሚሄድ አንድ መስመር አለ። መስመሩ ሐውልቱን ከነካበት ነጥብ ወደ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሌላ መስመር አለ። ሦስተኛው ከዓይናችን እስከ ጫፉ ያለው የእይታ መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚገናኙት በ90 ዲግሪ ስለሆነ ያገኘነው ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ነው። ከሁሉም የሚረዝመውና ከ90 ዲግሪው ማዕዘን ፊት ለፊት የሚውለው ጎን፣ እዚህ የእይታው መስመር፣ ሃይፖተነስ ይባላል። የቀሩት ሁለቱ ስማቸውን የሚያገኙት ከመረጥነው ማዕዘን ነው። ዓይናችን ጋ ያለውን ማዕዘን ከመረጥን ሐውልቱ ከፊት ለፊቱ ስለሚቆም ተቃራኒ ጎን፣ አግድሙ ርቀት ደግሞ አጠገቡ ስለሆነ ተጎራባች ጎን ይሆናል። ጫፉ ላይ ያለውን ማዕዘን ብንመርጥ ሁለቱ ስም ይለዋወጣሉ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ከመጀመር በፊት የሚሠሩበትን ማዕዘን በእርሳስ ማክበብ ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ማዕዘኑ 33 ዲግሪ ነው እንበል። ደብተር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አግድም መስመር እናስምር። በአንዱ ጫፉ ላይ በፕሮትራክተር 33 ዲግሪ ከፍተን፣ በሌላው ጫፉ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አውጥተን ሁለቱን እናገናኛቸው። ቀጥ ብሎ የወጣው ጎን ሲለካ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አግድሙን 20 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ቁመቱም 13 ይሆናል። ጎነ ሦስቱ ቢተልቅም ቢያንስም፣ ማዕዘኑ 33 ዲግሪ እስከሆነ ድረስ ተቃራኒው ለተጎራባቹ ሲካፈል ሁልጊዜ 0.65 አካባቢ ነው። ይህ ጥምርታ የ33 ዲግሪ ታንጀንት ይባላል፤ ካልኩሌተር ይበልጥ አጥርቶ 0.6494 ይለዋል። ተቃራኒው ለሃይፖተነስ ሲካፈል ሳይን፣ ተጎራባቹ ለሃይፖተነስ ሲካፈል ኮሳይን ይሆናል። ካልኩሌተሩ ለእያንዳንዱ ማዕዘን ደብተር ላይ የሠራነውን ዓይነት ጎነ ሦስት በከፍተኛ ጥንቃቄ ለክቶ የሚሰጠን ያህል ነው። እኛ የምናደርገው ትንሹን ወደ ትልቁ ማሳደግ ብቻ ነው።

መለኪያውን በቤት መሥራት ይቻላል። የፕሮትራክተሩ ቀጥተኛ ጠርዝ ላይ የመጠጫ ስትሮ ይለጠፋል፤ ከመሐል ነጥቡ ላይ ክር ታስሮ ጫፉ ላይ የሚከብድ ነገር፣ ለምሳሌ ትንሽ የብሎን ኑት፣ ይንጠለጠላል። በስትሮው ቀዳዳ የሐውልቱን ጫፍ እያዩ፣ ክሩ ሲረጋ በጣት ፕሮትራክተሩ ላይ ይጫኑታል፤ ከዚያ ያረፈበትን ቁጥር ማንበብ ነው። ስትሮው ፍጹም አግድም ሲሆን ክሩ 90 ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ክሩ 57ን ካሳየ ዓይናችን ወደ ላይ ያቀናው በልዩነቱ፣ በ33 ዲግሪ ነው።

ርቀቱ 30 ሜትር፣ ዓይናችን ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። የምናውቀው ተጎራባቹን ነው፤ የምንፈልገው ተቃራኒውን። ሁለቱን የሚያገናኘው ታንጀንት ስለሆነ 30ን በ0.6494 እናባዛለን፤ 19.48 ሜትር ይወጣል። ይህ ከዓይናችን በላይ ያለው ቁመት ነው። ከዓይናችን በታች ያለው 1.6 ሜትር ሲጨመር 21.08 ይሆናል።

57ን ሳይቀንሱ እንዳለ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። የ57 ታንጀንት 1.54 ስለሆነ ሐውልቱ ወደ 48 ሜትር ይደርሳል። አክሱም ውስጥ ተሰባብሮ የወደቀው ትልቁ ሐውልት እንኳ 33 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መልሱ ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፈንታ በራዲያን እየሠራ ከሆነም ስህተቱ ራሱን ይገልጣል፤ የ33 ታንጀንት ሲጠየቅ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር፣ 75.3 ከነመቀነስ ምልክቱ፣ ይሰጣል። አሳሳቹ ግራድ የሚባለው ሦስተኛው መለኪያ ነው። ካልኩሌተሩ እሱ ላይ ቢሆን 0.5704 ይላል፤ ሐውልቱም 18.7 ሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር እውነት ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመር በፊት የ30ን ሳይን መጠየቅ ያዋጣል። መልሱ 0.5 ካልሆነ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ አይደለም።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የሚቆሙበት ቦታ ነው። በስትሮና በክር የተሠራ መለኪያ በአንድ ዲግሪ ቢስት አይገርምም። ከ30 ሜትር ላይ ይህ ስህተት ቁመቱን በ75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያዛባዋል። ወደ ሐውልቱ ተጠግተን 5 ሜትር ላይ ብንቆም ግን ማዕዘኑ ከ75 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ደረጃ ላይ ታንጀንት በጣም ፈጥኖ ስለሚያድግ ያቺው አንድ ዲግሪ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ታዛባለች። በጣም ርቀን 100 ሜትር ላይ ብንቆምም አያዋጣም፤ ማዕዘኑ ወደ 11 ዲግሪ ወርዶ፣ የአንድ ዲግሪ ስህተት በረጅሙ ርቀት ሲባዛ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ስህተቱ ከሁሉም የሚያንሰው ማዕዘኑ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ያም ማለት ርቀቱ ከሚለካው ቁመት ጋር ሲቀራረብ ማለት ነው። ለዚህ ሐውልት ከ20 እስከ 30 ሜትር ያለው ቦታ ተስማሚ ነው።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ 1.6 የሚለው ቁጥር አይሠራም፤ የእኛ እግርና የሐውልቱ እግር እኩል ከፍታ ላይ አይደሉምና። መፍትሔው ስትሮውን ክሩ 90 እስኪያሳይ ድረስ አግድም አድርጎ ሐውልቱ ላይ የሚታየውን ነጥብ ልብ ማለት፣ ከዚያም ያ ነጥብ ከሐውልቱ ሥር ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል መለካት ነው። በመጨረሻ የሚደመረው እሱ ነው። ርቀቱም ቢሆን ተዳፋቱን ተከትሎ ሳይሆን ሜትሩ በአግድም ተወጥሮ መለካት አለበት።

እስካሁን ሐውልቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል ብለን ነው የመጣነው። የኢዛና ሐውልት ግን በትንሹ ያጋደለ ነው። ሳይንና ኮሳይን የሚያስፈልጉን እዚህ ላይ ነው። ለአብነት ያህል 21 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ ከቀጥታው 3 ዲግሪ ቢያጋድል፣ ድንጋዩ ራሱ ሃይፖተነስ ይሆናል። የጫፉ ከፍታ ከ3 ዲግሪው ማዕዘን ጋር የሚጎራበተው ጎን ስለሆነ 21ን በ3 ዲግሪ ኮሳይን፣ በ0.9986፣ እናባዛለን፤ 20.97 ሜትር ይወጣል። የጎደለው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጫፉ ወደ ጎን የሄደበት ርቀት ግን ተቃራኒው ጎን ነው፤ 21 በ3 ዲግሪ ሳይን፣ በ0.0523፣ ሲባዛ 1.1 ሜትር ይሆናል።

የመጀመሪያው ቁጥር ያረጋጋል፤ ሁለተኛው ግን ልኬታችንን ይነካል። ሜትራችንን የዘረጋነው እስከ ሐውልቱ ሥር ነበር፤ ጎነ ሦስቱ የሚፈልገው ደግሞ ከጫፉ ትይዩ በታች እስካለው ነጥብ ያለውን ርቀት ነው። ድንጋዩ ወደ እኛ ያጋደለ ከሆነ 30 ያልነው በእውነቱ 28.9 ነው። ከዚህ የተነሳ ቁመቱን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል አስበልጠን እናገኛለን። ወደ ኋላ ካጋደለ ደግሞ በዚያው መጠን እናሳንሰዋለን። ስህተቱን ለማወቅ ከሐውልቱ በሌላኛው ወገን እኩል ርቀት ላይ ቆሞ ደግሞ መለካት ነው። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ድንጋዩ አጋድሏል፤ የሁለቱ አማካይ ከእውነተኛው ቁመት ጋር በጣም ይቀራረባል።

ማዕዘኑ ራሱ የጠፋበት ጥያቄም አለ። ይህ ከሐውልት ይልቅ በየቤቱ በሚገኝ መሰላል ላይ ይገጥመናል። 4 ሜትር የሚረዝም መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቋል። መሰላሉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ስንት ነው? መሰላሉ ሃይፖተነስ፣ መሬት ላይ ያለው 1 ሜትር ደግሞ የማዕዘኑ ተጎራባች ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኘው ኮሳይን ነውና 1ን ለ4 ስናካፍል 0.25 እናገኛለን። አሁን የምንጠይቀው ኮሳይኑ 0.25 የሆነው ማዕዘን የትኛው እንደሆነ ነው። ካልኩሌተር ላይ መጀመሪያ SHIFT ወይም 2nd፣ ቀጥሎ cos ተጭነን 0.25 ስናስገባ 75.5 ዲግሪ ይሰጠናል። ለተደገፈ መሰላል የሚመከረውም ማዕዘን 75 ዲግሪ ገደማ ነው። የመሰላሉ አናት የሚደርሰው 4ን በ75.5 ሳይን አባዝተን በምናገኘው 3.87 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

እግሩን ወደ ኋላ ስበን ከግድግዳው 2 ሜትር ብናርቀው 2 ለ4 ሲካፈል 0.5 ነው፤ ማዕዘኑም 60 ዲግሪ ይሆናል። አናቱ ወደ 3.46 ሜትር ይወርዳል፤ ልዩነቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አናቱን ብቻ የሚያይ ሰው ብዙም የተለወጠ ነገር አይታየውም። መሰላሉ ግን ከግድግዳው ጋር 15 ዲግሪ ተኩል ያህል ይበልጥ ተራርቋል፤ ሰው ሲወጣበት እግሩ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይልም በእጥፍ አድጓል። ስለዚህ መሰላል ሲተከል መለካት ያለበት መሬት ላይ ያለው ርቀት ነው፤ የመሰላሉ ርዝመት ለአራት ተካፍሎ የሚወጣውን ያህል ከግድግዳው ይራቅ።