የእግር እብጠት በጮቄ ዙሪያ፦ ተረቱና እውነታው

ብቸናንና ሞጣን በያዘው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ብዙ ጊዜ ከእርግማን ወይም ከንክኪ የመጣ ተደርጎ ይታመናል። ስለዚህም ታማሚው ከማኅበርና ከድግስ ይገለላል፣ ከቤተሰቡም ጋር ጋብቻ መመሥረት ይፈራል። እውነታው ግን በሽታውን የሚያስተላልፍ ተህዋስ የለም፤ ታማሚውን መንካትም ሆነ አብሮ መብላት አያስይዝም።

በሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ ሕመም ከአፈር የሚመጣ ነው። የጮቄ ተራራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ በመሆኑ ከድንጋዩ የተገኘው ቀይ አፈር ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች አሉት፤ እነዚህ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ሥሮችን፣ ማለትም ከሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ስለሚጎዱ ፈሳሹ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። እብጠቱ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን ከጉልበት በላይ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ከብሽሽት አካባቢ የጀመረ እብጠት ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው መመርመር ይኖርበታል።

«በዘር የሚወርድ ነው» የሚለው እምነት ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ ለዚህም ይመስላል ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው። በኢትዮጵያ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሰውነታቸው ለአፈሩ ብናኝ የተለየ ምላሽ የሚሰጥ ቤተሰቦች አሉ። ሆኖም የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ተጋላጭ የሆነ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ አድርጎ ካደገ እግሩ ላያብጥ ይችላል።

«አንዴ ካበጠ መድኃኒት የለውም» የሚለው ደግሞ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ውስጥ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት በታተመው ጥናት 696 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን እግርን በሳሙና መታጠብን፣ ቆዳ ማለስለሻ ቅባትን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲንና ጫማን ወዲያው ሲያገኝ ሁለተኛው እስኪያገኝ አንድ ዓመት ቆይቷል። ትኩሳትና ሕመም ቀስቅሶ ሰውን የሚያስተኛው የእግር መቆጣት በተንከባከቡት ላይ በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በቆዩት ላይ 23.9 ጊዜ ደርሷል። ልዩነቱ ሕመምን ፈጽሞ የሚያጠፋ ባይሆንም፣ ከእርሻና ከገበያ የሚያስቀር ሕመም በዓመት በአራት ወይም በአምስት ጊዜ ማነሱ ቀላል አይደለም። የጠነከረና የጎረበጠ ቆዳ በመታጠብ ብቻ እንደማይለሰልስ፣ እብጠቱም ገና ለስላሳ ሳለ የተጀመረ እንክብካቤ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባል።

እንክብካቤው በቤት ውስጥ የሚደረግ ነው። እግሩ በየዕለቱ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በጣቶች መካከል ያለው ቦታ ርጥበት ቁስልና ፈንገስ ስለሚያመጣ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያም ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና የማያጣብቅ ጫማ ይደረጋል፣ ማታም እግሩ ከፍ ተደርጎ ይተኛል። እግሩ ቀልቶ፣ ሞቆና አሞ ትኩሳት ሲኖር ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። እብጠት ያለበት ሰው በቤቱ ካለ፣ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማማከርና ገና ላላበጠባቸው ልጆች አስቀድሞ ጫማ መግዛት ይመከራል።