ከ40 ፎቶ አንዱን መምረጥ

ለንደን፣ ግሪኒች ፓርክ ካለው ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ቴምዝ ወንዝ ስትመለከቱ፣ ከታች ነጩ ክዊንስ ሀውስ ይታያል። ከኋላው ሁለት ጉልላቶች አሉ። ከወንዙ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የካናሪ ዋርፍ ፎቆች ቆመዋል። በቅርቡ ከእናቴ ጋር ሄደን 40 ፎቶ አነሣሁ። ደሴ ላሉት አያቴ አሳትመን የምንልከው ግን አንድ ብቻ ነው። እሳቸው ለንደንን አይተው አያውቁም። ደብዛዛዎቹን ሳስወጣ ሦስት ቀሩ።

በመጀመሪያው ፎቶ ሚዛን የለም። ረጃጅሞቹ ፎቆች በቀኝ በኩል ተከማችተዋል፤ በግራ በኩል ግን ሰማይና ሣር ብቻ ነው። ሚዛን ሲባል ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን ማለት አይደለም። እርግጥ፣ ክሪስቶፈር ሬን እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ ባለጉልላቱን ሕንፃ ሲነድፍ ግራና ቀኙን እኩል አድርጎታል። ከክዊንስ ሀውስ ወደ ወንዙ ያለው እይታ እንዳይጋረድም መሃሉን ክፍት ትቶታል። ለፎቶ ግን እንደ ሚዛን ዘንግ ማሰብ ይበቃል፦ ትንሽ ነገር ከመሃል ከራቀ ትልቁን ሊመዝን ይችላል።

ሁለተኛው ፎቶ ውስጥ ከኮረብታው የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ዓይን መንገድን ይከተላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው መስመር መሪ መስመር ይባላል። ችግሩ መንገዱ ወደ ግራ ጠርዝ ሄዶ ከፎቶው ይወጣል፤ ዓይናችንም አብሮት ይወጣል። መስመሩን በጣታችሁ ተከተሉት። ጣታችሁ የሚያርፍበት ነገር ካላገኘ መስመሩ አይመራም።

ሦስተኛው ላይ ያው መንገድ ከታች በግራ ተነሥቶ ወደ ክዊንስ ሀውስ ያመራል። በግራ በኩል ነጭ ነጠላ የለበሰች እናቴ ጥቁር አረንጓዴ ዛፎች ፊት ቆማለች። ትንሽ ብትሆንም ነጩ ከጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ፎቆቹንም ትመዝናለች። በአውራ ጣቴ ስሸፍናት ፎቶው ወደ ቀኝ ያጋደለ መሰለኝ። የመረጥኩት ይህን ነው።

የቀረው መከርከም ነው። ፎቶው በወርድ 4000፣ በቁመት 3000 ፒክስል ነበር። ከላይ 700 ፒክስል ባዶ ሰማይ ቆረጥኩ። ከግራ ደግሞ ግማሽ አካሉ የሚታይ መንገደኛ ስለነበር 550 ቆረጥኩ። አሁን መንገዱ ከጥጉ ይጀምራል፤ ፎቆቹም ወደ መሃል ቀረብ ብለዋል።

የቀረው 3450 በ2300 ፒክስል ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጥሩ ኅትመት 1800 በ1200 ገደማ ስለሚበቃ አሁንም ይተርፋል። እናቴን ብቻ ለማቅረብ ብዬ 1000 በ667 ብቻ ባስቀር ግን ሲታተም ይደበዝዝ ነበር። መከርከም ትርፉን ያስወግዳል እንጂ ካሜራው ያላነሣውን ዝርዝር አይጨምርም።