መጽሐፉን ዘግተው ይጻፉ

ከባድ መጽሐፍ በትጋት አንብቦ ከጨረሰ ከስድስት ወር በኋላ «ምን ይላል?» ሲባል «ጥሩ መጽሐፍ ነው» ከማለት በቀር የሚለው የሚጠፋው አንባቢ ብዙ ነው። መጽሐፉ ሲገለጥ ግን ገጹ ሁሉ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። ጣጣው ያለው እዚያው ነው። ያሰመርንበትን መስመር ደግመን ስናየው ዓይናችን ይለምደዋል፤ የለመድነውም ያወቅነው ይመስለናል።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትነውታል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አጠና። ሌላው አንዴ ብቻ አጥንቶ፣ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያህል አስታወሱ።

እንግዲህ ማስታወሻ የሚያዘው መጽሐፉ ተዘግቶ ነው። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ያልተማረ ሕዝብ ከተማረ ሕዝብ ጋር ሲነግድ እንደሚጎዳ የሚያስረዳውን ክፍል እርሳስ ሳይዙ ያንብቡ። ከዚያ ዘግተው በራስዎ ቃል ይጻፉ፦ «ያልተማረው ብዙ የደከመበትን ሰጥቶ፣ የተማረው ጥቂት የደከመበትን ይቀበላል።» አሁን መጽሐፉን ገልጠው ያመሳክሩ። ምክንያቱን ዘልለውት ይሆናል፤ ዕውቀት ድካምን ያሳጥራል የሚለውን በቀይ ይጨምሩና የገጹን ቁጥር ያስፍሩ።

ቀጥሎ ሐሳቡን ወደ ጥያቄ ይለውጡት። በካርዱ ፊት «ሁለቱም ወደው ተገበያይተው ሳለ አንዱ የሚጎዳው ለምንድን ነው?» ብለው ይጻፉ፤ መልሱን ከጀርባው ያድርጉት። ከመልሱ ሥር መጽሐፉ ውስጥ የሌለ፣ የራስዎ የሆነ ምሳሌ ይጨምሩ፤ ለምሳሌ የቡና ገበሬውንና የስልክ ፋብሪካውን። ምሳሌ ካጡለት ሐሳቡ ገና አልገባዎትም ማለት ነው፤ ክፍሉን እንደገና ያንብቡ።

ካርዱን በማግሥቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ከዚያም በሦስተኛው ወር ያውጡት። መልሱን ሳይገለብጡ ጮክ ብለው ይናገሩ። «ባየው አውቀዋለሁ» ማለት መልስ አይደለም። የተሳሳቱትን ካርድ በማግሥቱ ይመልሱት፤ ያወቁትን ያርቁት።

ዘዴው ወሰን አለው። ክፍሉ ፈጽሞ ባዕድ ከሆነ ዘግተው ሲጽፉ ምንም አይመጣም፤ ያኔ አንድ አንድ አንቀጽ እየወሰዱ ይሞክሩ። ሁሉን ካርድ ላይ ላስፍር ያለም ከሁለተኛው ምዕራፍ አያልፍም፤ ለአንድ ምዕራፍ ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ይበቃል። ንባቡ በዚህ መንገድ ይዘገያል። ከስድስት ወር በኋላ «ምን ይላል?» ለሚል ሰው ግን መልስ ይኖርዎታል።