የአጥንት እፍጋት ምርመራ፤ “ቲ-ስኮር” እና “ዜድ-ስኮር” ለማን ምን ይናገራሉ?

የአጥንት እፍጋት ምርመራ ያደረገ ሰው በሚሰጠው የውጤት ወረቀት ላይ በአብዛኛው ቲ-ስኮር እና ዜድ-ስኮር የተባሉ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያገኛል። ሁለቱም የሚሰሉት ከአንድ ልኬት ቢሆንም የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ታካሚ እንደሚያገለግል ካልተለየ ሕክምና የሚገባው ሰው ሳይታከም ሊቀር፣ ጤነኛውም ያለ በቂ ምክንያት መድኃኒት ሊጀምር ይችላል።

ምርመራው የሚካሄደው ዴክሳ በተባለ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የኃይል መጠናቸው የተለያየ ሁለት የኤክስሬይ ጨረሮችን በዳሌና በታችኛው የጀርባ አከርካሪ በኩል በማሳለፍ አጥንቱ የያዘውን የማዕድን መጠን በግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ያሰላል። ይህ ልኬት ብቻውን ትርጉም ስለማይሰጥ ከሌሎች ሰዎች ልኬት ጋር ይነጻጸራል።

ቲ-ስኮር የታካሚውን አጥንት የሚያነጻጽረው ከጤናማ ወጣት ሰዎች አማካይ ጋር ነው። ለዳሌ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ ማነጻጸሪያ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1994 በአሜሪካ በተካሄደ ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 29 ዓመት ከሆኑ ነጭ ሴቶች የተገኘ ነው። ዜድ-ስኮር ግን ታካሚውን የሚያነጻጽረው ከዕድሜና ከጾታ አቻዎቹ ጋር ነው። በሁለቱም ስሌቶች ልዩነቱ መደበኛ ልይይት ለሚባለው መጠን ይካፈላል። ይህም የጤነኛ ሰዎች ልኬት ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ መስፈሪያ ነው።

የ66 ዓመት እናትና የ34 ዓመት ልጃቸው አብረው ተመረመሩ እንበል። የእናት የጭን አጥንት አንገት ልኬት 0.558 ሆነ። የወጣቶቹ አማካይ 0.858፣ መደበኛ ልይይቱም 0.120 ነው። ልዩነቱ 0.300 ለ0.120 ሲካፈል 2.5 ስለሚሆን የእናት ቲ-ስኮር -2.5 ነው። የአቻዎቻቸው አማካይ 0.678 ቢሆን ዜድ-ስኮራቸው -1.0 ይሆናል።

እናት ዜድ-ስኮሩን ብቻ ተመልክተው “ከእኩዮቼ ብዙም አልራቅሁም” ቢሉ ይሳሳታሉ። በዚያ ዕድሜ የአቻዎቻቸውም አጥንት የሳሳ በመሆኑ ከእነርሱ ጋር መመሳሰል ከስብራት አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለያ መሠረት ቲ-ስኮር -1.0 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤናማ፣ ከ-1.0 በታች ሆኖ -2.5 ካልደረሰ የአጥንት እፍጋት ማነስ፣ -2.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። እናት የሚመደቡት በመጨረሻው ነው።

የልጅ ልኬት 0.666 ነው። ቲ-ስኮሯ -1.6 በመሆኑ ወረቀቱ “የእፍጋት ማነስ” የሚል ቃል ሊይዝ ይችላል። ይሁን እንጂ መለያው የተዘጋጀው የወር አበባ ላቋረጡ ሴቶች ሲሆን፣ በኋላም ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ወንዶች እንዲያገለግል ተደርጓል። በወጣትነት ተመሳሳይ እፍጋት የሚያስከትለው የስብራት ስጋት እጅግ ያነሰ ነው። በመሆኑም ለልጅ የሚታየው ዜድ-ስኮር ነው። የአቻዎቿ አማካይ 0.846 ቢሆን ውጤቷ -1.5 ይሆናል። ከ-2.0 በላይ በመሆኑም ንባቡ “ለዕድሜው በሚጠበቀው መጠን ውስጥ” የሚል ነው።

ዜድ-ስኮር -2.0 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን እንኳ ንባቡ “ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች” የሚል እንጂ ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ፣ ከልክ በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ ወይም የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለ እንዲመረምር የሚጠቁም ምልክት ነው። በአረጋውያንም ላይ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ከዕድሜ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግ ያመለክታል።

በሕጻናት ላይ ቲ-ስኮር ጨርሶ አያገለግልም፤ አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ከወጣት ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ ጎድሎ ይታያል። ዜድ-ስኮራቸውም ቢሆን ቁመታቸው ካልታሰበበት ያሳስታል። ምክንያቱም መሣሪያው የአጥንቱን ውፍረት ስለማይለካ የአጭር ሕጻን ትንሽ አጥንት የሳሳ ይመስላል።

በአረጋውያን በኩል የሚያጋጥመው ስህተት ተቃራኒ ነው። በዕድሜ ምክንያት በአከርካሪ ዙሪያ የሚበቅል ተጨማሪ አጥንት እፍጋቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የአንዱ አከርካሪ ቲ-ስኮር ከጎረቤቱ ከ1.0 በላይ ከራቀ ያ አከርካሪ ከስሌቱ ሊወጣ ይገባል። ስለዚህም የጀርባው ውጤት ጤናማ ሆኖ የዳሌው -2.5 ቢገኝ ለምርመራው ውሳኔ የሚወሰደው ዝቅተኛው ነው።