አዛምዱ ለምን ይወላገዳል?

መምህሩ ያዘጋጁት የአማርኛ ፈተና ማባዣ ክፍል ሲደርስ ብዙ ጊዜ መልኩ ይለወጣል። ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፊደል ከተጻፈ፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ የተጻፈው ይነበባል፤ ግን ሌላ ፊደል ሲተካው የቃላቱ ስፋት ይለያይና ጥያቄው በአንድ ገጽ፣ ምርጫው በሌላው ይቀራል።

ከሁሉም የሚጎዳው አዛምድ ነው። ብዙዎች «ሀ» እና «ለ» ረድፎችን የሚያራርቁት የክፍት ቦታ ቁልፉን ደጋግመው በመምታት ነው፤ የጽሕፈት መኪና ዘመን ልማድ ይመስለኛል። ፊደሉ ትንሽ ሲሰፋ የ«ለ» ረድፍ ወደታች ይወርዳል፤ ተማሪው የትኛው ፊደል ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ ይጠፋዋል። መፍትሔው ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው፦ አንዱ ለመልስ መጻፊያው ሰረዝ፣ አንዱ ለተራ ቁጥሩና ለጥያቄው፣ ሦስተኛው ለምርጫው። ከዚያ የሰንጠረዡን መስመሮች መደበቅ ነው።

ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ ከተቀየረ በኋላ በአዶቤ ሪደር Properties ውስጥ Fonts የሚለውን ይክፈቱ። ከፊደሉ ስም አጠገብ Embedded Subset ከተጻፈ ፊደሉ አብሮ ገብቷል፤ የትም ቢከፈት ገጹ አይለወጥም። ሲታተም ደግሞ Fit ሳይሆን Actual size ይመረጥ፤ አለዚያ የመልስ መጻፊያው ቦታ ሊጠብ ይችላል።