የሚያረጋጋው ቁጥር

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ አንድ አዲስ ዕቃ ገዛ፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ የሚሰካ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሁለት ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ። አንደኛው ቁጥር የልብ ምት ነው። ሌላው፣ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ በጭንቀት የሚያነበው፣ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ነው። የጤና ባለሙያዎች መሣሪያውን ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ቁጥሩን ደግሞ ሳቹሬሽን ይሉታል።

መሣሪያው ብዙ ሕይወት አትርፏል። ግን ይሳሳታል፤ ስህተቱም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ስህተት ያስደነግጣል፣ አንዳንዱ ያረጋጋል። ይበልጥ የሚጎዳው የሚያረጋጋው ነው።

አሠራሩ የተመሠረተው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባፈለቀው ሐሳብ ላይ ነው። ከመቆንጠጫው አንድ ጎን ሁለት ብርሃን ይወጣል፦ አንዱ ቀይ፣ ሌላው በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ያጣው ደግሞ ቀዩን ይውጠዋል። በሌላው ጎን ያለው ሴንሰር ከሁለቱም ብርሃን ምን ያህል እንዳለፈ ይለካል። ሥጋ፣ አጥንትና ጥፍርም ብርሃን ስለሚውጡ፣ አዮያጊ የልብን ትርታ መለያ አደረገው፤ ልብ በመታ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለው በደም ቅዳ ቧንቧ የሚመጣው ደም ብቻ ነው። መሣሪያው የማይለዋወጠውን ትቶ የሚለዋወጠውን ያሰላል።

ስለዚህ ትርታው ሲደክም መሣሪያው የሚይዘው ያጣል። ብዙ ደም የፈሰሰው፣ የደም ግፊቱ የወረደ ወይም በብርድ የደነዘዘ ሰው አካል ደሙን ወደ ልብና አንጎል ይሰበስባል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ። አንዲት ነርስ እንዲህ ያለ ታካሚ ጣት ላይ መሣሪያውን ስትሰካ 82 በመቶ አነበበች እንበል፤ የልብ ምቱ 50 ይላል። የታካሚውን የእጅ አንጓ ይዛ ስትቆጥር ግን ምቱ 110 ነው። መሣሪያው ትርታውን አልያዘም ማለት ነው፤ ትርታውን ያልያዘ መሣሪያ ያወጣው 82ም አይታመንም። እጁን ታሞቃለች፣ ጣት ትቀይራለች፣ የደም ግፊት መለኪያው በዚያው ክንድ ላይ ታስሮ ከሆነ መሣሪያውን ወደ ሌላኛው እጅ ታዞራለች። የሞገድ መስመር የሚያሳይ መሣሪያ ካላት ደግሞ መስመሩ እኩል እየተመላለሰ መሆኑን ታያለች። የተበጣጠሰ ወይም የተኛ መስመር ላይ የቆመ ቁጥር አይያዝም። የጣት መቆንጠጫውን ጆሮ ላይ መስካት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ለጆሮ የተሠራ ሴንሰር ራሱን የቻለ ነው።

የጥፍር ቀለም ከዚህ ይቀላል። ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ብርሃኑን በመዋጥ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በዘመናዊ መሣሪያ ላይ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ቀለሙን በአሴቶን ማስለቀቅ ይበቃል፤ ጊዜ ከሌለ መቆንጠጫውን በጣቱ ጎንና ጎን ማዞር ይቻላል። ጥቁር ሂናም መሣሪያውን ጨርሶ ማንበብ ሊያሳጣው ስለሚችል ያልተቀባ ጣት መምረጥ ይሻላል።

እስካሁን የተነሡት ችግሮች በአብዛኛው ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ቁጥሩ ይወርዳል ወይም ይዋዥቃል፣ ሰው ይደነግጣል፣ እንደገና ይለካል። የቆዳ ቀለም የሚያመጣው ስህተት ግን ወደ ላይ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ፣ በተለይ ኦክስጅን እየወረደ ሲሄድ፣ መሣሪያው ከእውነተኛው መጠን ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ማንም አይደነግጥም፤ እንደገና የሚለካም የለም።

በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህን በወረርሽኙ መካከል አጣሩት። በመሣሪያው የተነበበውን ቁጥር በዚያው ደቂቃ አካባቢ ከደም ቅዳ ቧንቧ ተቀድቶ ከተመረመረ ደም ጋር አስተያዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ታተመ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ፣ ማለትም «ብዙም አያሰጋም» የሚባለውን ቁጥር ካሳየባቸው የጥቁር ታካሚዎች ልኬቶች ውስጥ በ11.7 በመቶው እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ነበር። በነጭ ታካሚዎች ላይ ይህ የሆነው በ3.6 በመቶው ነው። ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ተመሳሳይ ልዩነት በ1990 እና በ2005 በወጡ ጥናቶችም ታይቷል። ለ30 ዓመት የሚታወቅ ጉድለት ወረርሽኝ እስኪመጣ መጠበቁ የሚያስቆጭ ነው።

ይህ በአልጋ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ሁለት የኮሮና ታካሚዎችን በማሰብ ማየት ይቻላል። የሁለቱም እውነተኛ መጠን 90 በመቶ ነው። የአንዱ መሣሪያ 90 ይላል፤ ኦክስጅንና መድኃኒት ወዲያው ይጀመርለታል። ቆዳው የጠቆረው ሁለተኛው ታካሚ መሣሪያ 95 ይላል። የብዙ ሆስፒታሎች መመሪያ ሕክምናውን የሚያዝዘው ቁጥሩ 94 እና ከዚያ በታች ሲሆን ስለነበር «እንጠብቅ» ይባላል። ኋላ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ጥቁር ታካሚዎች ለሕክምናው ብቁ መሆናቸው ዘግይቶ ይታወቅ እንደነበር አሳይቷል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሜላኒን አይለዋወጥምና በአዮያጊ ስሌት መሠረት መቀነስ ነበረበት። ነገር ግን ሜላኒን ቀዩን ብርሃን ከኢንፍራሬዱ አብልጦ ይውጣል፤ የሚደርሰው ምልክትም ይዳከማል። በዚያ ላይ መሣሪያው ቁጥሩን የሚያወጣው በውስጡ ከተጫነለት ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ የሚዘጋጀው ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እየተነፈሱ፣ ደማቸው እየተቀዳና ከመሣሪያው ንባብ ጋር እየተነጻጸረ ነው። ከእነዚህ ፈቃደኞች አብዛኞቹ ቆዳቸው የነጣ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው መመሪያ ከ10 ሰው ቢያንስ ሁለቱ ቆዳቸው የጠቆረ እንዲሆኑ ነበር የጠየቀው። በጥር 2025 ያቀረበው ረቂቅ ቁጥሩን ወደ 150 ተሳታፊዎች ከፍ አድርጎ የቆዳ ቀለማቸውም እንዲለካ ይጠይቃል።

ወደ ላይ የሚሳሳትበት ሌላ ሁኔታ በኢትዮጵያ ቤቶች ቅርብ ነው፤ የከሰል ጭስ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ያፈነው ሰው ደም ካርቦን ሞኖክሳይድ ተሸክሞ ሳለ፣ ተራው መሣሪያ ኦክስጅን የተሸከመ መስሎት 98 ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ማየቱ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው።

መሣሪያ በቤቱ ያለው ሰው ጤነኛ በሆነበት ቀን ለክቶ የራሱን ቁጥር ይጻፍ፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ከባሕር ጠረፍ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር የተለመደ ሊሆን ይችላል። በታመመ ጊዜ ከዚያ በአራት ወይም በአምስት መውረዱ ከአንዲት ቁጥር በላይ ይናገራል። በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረት የሚያመጣው መሰማየት በቀላሉ ስለማይለይ ምላስ፣ ድድና የከንፈር ውስጠኛ ክፍል ይታዩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያፍነው ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ግን ቁጥሩ 95ም ይሁን 97 ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ ሐኪሙም የደም ጋዝ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ።